የዓመት ፈቃድ ፖሊሲ ለሁለት ትርጉም እንዳይመች አድርጎ እንደገና መጻፍ፦ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ መሥሪያ ቤት የፈቃድ ፖሊሲውን «አሻሽለነዋል» ይላል። ሰኔ ሲደርስ ግን ያው ጭቅጭቅ ይመለሳል። «እኔ ያለኝ 17 ቀን ነው»፣ «የለም፣ 16 ነው»። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው። አርትዖት ተሠራ እንጂ ደንቡ አልተወሰነም። አሻሚ ቃል ባለበት ሁሉ፣ ከሥሩ ማንም ደፍሮ ያልወሰነው ጉዳይ አለ። ያንን ሳታወጡ ዓረፍተ ነገር ብታሳምሩ ዋጋ የለውም።

ይህ መመሪያ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩ ድርጅቶች ነው። የግል ኩባንያ፣ ፋብሪካ፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት እዚህ ውስጥ ይገባል። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው አሁን አንነካውም። ሁሉንም የፈቃድ ዓይነት ከመደርደር አንድ የዓመት ፈቃድ አንቀጽ ይዘን ከነችግሩ እስከ መጨረሻው እንሂድ።

## የምንጠግነው አንቀጽ

የሚከተለው ለምሳሌ ያዘጋጀሁት ነው። ነገር ግን የእናንተ መሥሪያ ቤት ደንብ ከዚህ ብዙም ባይርቅ አይግረማችሁ።

> ከአንድ ዓመት በላይ ያገለገሉ ቋሚ ሠራተኞችና የኮንትራት ሠራተኞች በዓመት 16 ቀን ፈቃድ ሊሰጣቸው ይችላል። ለተጨማሪ አገልግሎት በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይታሰባል። ፈቃዱ ከኃላፊው ጋር በመነጋገር የሚወሰድ ሲሆን፣ አሳማኝ ምክንያት ካልቀረበ በስተቀር በዓመቱ ውስጥ ያልተወሰደ ፈቃድ ይቃጠላል።

ሲነበብ ደህና ይመስላል። እዚህ ላይ ነው አደጋው።

## ደረጃ 1፦ ወረቀቶቹን ሰብስቡ

ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ።

1. በሥራ ላይ ያለው ፖሊሲ፣ የአማርኛውም የእንግሊዝኛውም ቅጂ።
2. ከፖሊሲው በኋላ የወጡ ሜሞዎችና ኢሜይሎች በሙሉ። «ከዚህ በኋላ ቅዳሜም ይቆጠራል» የምትል አንዲት ሜሞ ሁሉን ታበላሻለች።
3. የኅብረት ስምምነት ካለ እሱ።
4. የአዋጁ የአማርኛ ቅጂ። በተለይ ከአንቀጽ 76 እስከ 80 ያለው።
5. ባለፉት ሁለት ዓመታት የተከለከሉ ወይም ቅሬታ የቀረበባቸው የፈቃድ ቅጾች።
6. ፈቃድ የሚሰላበት የኤክሴል ፋይል ወይም ሲስተም።

አምስተኛውና ስድስተኛው ይረሳሉ። ቅሬታው ሰው የቱ ቃል ላይ እንደሚጋጭ ያሳያችኋል። የኤክሴሉ ፎርሙላ ደግሞ እውነተኛው ፖሊሲ ነው ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ሌላ ቢልም ሰው ፈቃድ የሚያገኘው ፎርሙላው ባወጣው ቁጥር ነው። ሁለቱ ከተለያዩ ልዩነቱን ጻፉት፤ ደረጃ 4 ላይ ይፈለጋል።

ሲበላሽ፦ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ የተለያየ ነገር ሲሉ ልታገኙ ትችላላችሁ። የቱ ትክክል እንደሆነ አትገምቱ። ሁለቱንም ጎን ለጎን ቅዱና ለአመራሩ አቅርቡ። አዲሱ ፖሊሲ ላይም «ልዩነት ቢፈጠር የአማርኛው ቅጂ ይጸናል» የምትል መስመር አትርሱ።

## ደረጃ 2፦ ሕጉ ያስቀመጠውን ወለል ለዩ

ፖሊሲያችሁ ከሕጉ በላይ መስጠት ይችላል። ከሕጉ በታች መስጠት አይችልም። ስለዚህ ሊደራደሩበት የማይቻለውን ቀድማችሁ ለብቻ ጻፉ። ለዓመት ፈቃድ ዋና ዋናው ይህ ነው።

- ለመጀመሪያው አንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን።
- ከዚያ በላይ ላለው አገልግሎት፣ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል።
- አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሠራተኛ ባገለገለው ልክ ተመጣጣኙን ያገኛል።
- ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን ለመተው ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ አይጸናም።
- ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደው ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል።
- ፈቃድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ከሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በላይ ግን አይተላለፍም።

ሕጉ ስለ «ቋሚ» ብቻ አያወራም፤ የጊዜ ገደብ ባለው ውል የሚሠራም ሠራተኛ ነው። በተቃራኒው የሥራ መሪዎች ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ ናቸው። ስለዚህ ለሥራ መሪ ፈቃድ የምትሰጡት በውሉና በፖሊሲያችሁ መሠረት ነው። ፖሊሲው ስለነሱ ዝም ካለ፣ የክፍል ኃላፊው ፈቃድ ስንት ቀን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የላችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ መመሪያችሁ ውስጥ 14 ቀን የሚል ካገኛችሁ ከቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/96 የተረፈ ነው። በሱ ስሌት መነሻው 14 የሥራ ቀን ሆኖ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨመር ነበር። መነሻውን ወደ 16 ቀይሮ ጭማሪውን በየዓመቱ የተወ ድርጅትም አለ። ይሄ ከሕጉ የተሻለ ስለሆነ ጥፋት አይደለም። ግን አስባችሁበት ነው ወይስ ሳታዩት ነው? ያንን ጠይቁ። ለሠራተኛ ሲሰጥ የቆየን ነገር «በማስተካከል» ስም ከመቀነሳችሁ በፊትም የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

## ደረጃ 3፦ አንቀጹን ቃል በቃል ፈትሹ

አሁን አንቀጹን አትሙና ቀይ እስክሪብቶ ያዙ። እያንዳንዱ ቃል ላይ «ክፉ አንባቢ ይሄን እንዴት ይረዳዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፉ አንባቢ ሁለት ነው። አንዱ ብዙ ቀን የሚፈልገው ሠራተኛ፣ ሌላው ትንሽ ቀን መስጠት የሚፈልገው አለቃ።

### «ያገለገሉ ቋሚ ሠራተኞችና የኮንትራት ሠራተኞች»

አማርኛ ገላጩን ከስሙ ፊት ያስቀምጣል። ሁለት ስም በ«ና» ሲያያዝ ደግሞ ገላጩ የመጀመሪያውን ብቻ ይግለጽ ሁለቱንም አይታወቅም። ሠራተኛው «አንድ ዓመት የሚጠየቀው ቋሚው ነው፤ የኮንትራት ሠራተኛ ወዲያው ያገኛል» ይላል። አለቃው «ሁለቱም አንድ ዓመት ይጠብቃሉ» ይላል። ሁለቱም ሰዋስው አልጣሱም። ኮማ ብትጨምሩ አይድንም። መድኃኒቱ ስሞቹን መነጣጠል ወይም ለሁለቱም አንድ ስም መስጠት ነው።

የፈቃድ ጭቅጭቅ ከዚህ ዓይነት ግንባታም ይነሳል። ስለዚህ በመላ ፖሊሲው ውስጥ «ና» እና «ወይም» ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ፈልጋችሁ ከፊታቸው «የ…» ወይም «ያ…» ብሎ የሚጀምር ገላጭ ካለ አክብቡት። «እና/ወይም» የሚል ካገኛችሁ ሳትከራከሩ ሰርዙ።

### «ከአንድ ዓመት በላይ»

ልክ አንድ ዓመት የሞላውስ? «በላይ» ካላችሁ እሱ ቀርቷል። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 የተዋዋለ ሰው ልክ አንድ ዓመት ሠርቶ ይወጣል። በዚህ አንቀጽ ንባብ ምንም አያገኝም። በሕጉ ግን የ16 ቀኑ ክፍያ መብቱ ነው።

«በላይ»፣ «በታች»፣ «እስከ»፣ «ከ… ጀምሮ» ሁሉ ዳሩን በግልጽ አይናገሩም። «አንድ ዓመት የሞላው»፣ «ከአንድ ዓመት ያላነሰ»፣ «እስከ ሰኔ 30፣ ሰኔ 30ን ጨምሮ» ብላችሁ ጻፉ።

### «ዓመት» እና «ቀን»

ይህ አንቀጽ ውስጥ «ዓመት» የተለያየ ነገር ነው። የአገልግሎት ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ያለው የበጀት ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ለጋሹ ውጭ የሆነ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለው ሊሆን ይችላል። «በዓመቱ ውስጥ ያልተወሰደ» ሲል የቱ ዓመት?

«ቀን»ም እንዲሁ። ሕጉ የሥራ ቀን ይላል። ፖሊሲው «16 ቀን» ብቻ ካለ፣ ቅዳሜና እሑድን ቆጥሮ ከሁለት ሳምንት ትንሽ አልፎ ተመለስ የሚል አለቃ አይጠፋም።

### «ሊሰጣቸው ይችላል»

መብት ከሆነ «ያገኛል» በሉ። «ይችላል» ለአለቃው ምርጫ ይሰጣል። በአማርኛ ለትሕትና ብለን «ይችላል» ማለት ስለምንወድ ይህ ቃል ፖሊሲ ውስጥ በብዛት ይገባል። ምርጫ በእውነት ካለ ግን ማን እንደሚመርጥና በምን መለኪያ እንደሚመርጥ ጻፉ።

### «በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይታሰባል»

ይህን ሦስት ዓይነት አንብበው የሚጣሉ አሉ። አንዱ ከቅጥር ቀን ጀምሮ ቆጥሮ ሁለት ዓመት ሲሞላ 17 ይላል። ሌላው ከመጀመሪያው ዓመት ቀጥሎ ሁለት ዓመት፣ ማለትም ሦስት ዓመት ሲሞላ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ብቻ የሚሰጥ ጉርሻ ያደርገዋል፤ አንድ ዓመት 17፣ በሚቀጥለው ተመልሶ 16። የአዋጁ ንባብ ከመጀመሪያው ዓመት በላይ ስላለው ተጨማሪ ሁለት ዓመት ነው የሚናገረው። ስለዚህ መነሻው ሁለተኛው ነው። የተጨመረው ቀንም ተጨምሮ ይቀራል።

### የቀሩት

«በመነጋገር» ማን እንደሚወስን አይናገርም። «አሳማኝ ምክንያት» ማንን ነው የሚያሳምነው? «ይቃጠላል» ደግሞ የቃል ችግር ብቻ አይደለም። ሕጉ ማስተላለፍን ስለሚፈቅድ፣ አለቃው ራሱ «ሥራ በዝቷል» ብሎ ከልክሎት ያለፈን ፈቃድ በዓመቱ መጨረሻ ማቃጠል ከወለሉ ጋር ይጋጫል። ይህን በአርትዖት አትሸፍኑት።

## ደረጃ 4፦ ያልተወሰነውን አስወስኑ

ቀይ ምልክቶቹን ወደ ጥያቄ ቀይሩና ለሥራ አስኪያጁ አንድ ገጽ አቅርቡ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ወይም ቁጥር እንዲሆን አድርጋችሁ ጠይቁ። «ስለ ቅዳሜ ምን ይመስልዎታል?» ብትሉ ስብሰባ ይሆናል። «ግማሽ ቀን የምንሠራበት ቅዳሜ ከፈቃድ ሲቀነስ ግማሽ ቀን ነው የሚቆጠረው፤ ይስማማሉ?» ብትሉ ፊርማ ይሆናል።

ለኛ አንቀጽ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።

1. የሥራ መሪዎች በዚህ ፖሊሲ ይካተታሉ?
2. የምንቆጥረው በአገልግሎት ዓመት ነው በበጀት ዓመት?
3. ቅዳሜ እንዴት ይቆጠራል?
4. ያለ ክፍያ የወጣበት ጊዜ ከአገልግሎት ይቆጠራል?
5. ስሌቱ ክፍልፋይ ሲያመጣ እንዴት እናጠጋጋለን?
6. የፈቃድ ጥያቄን ማን፣ በስንት ቀን ውስጥ ይመልሳል? ካልመለሰስ?
7. ፈቃድ የሚተላለፈው በምን ሁኔታ ነው?

ለምሳሌያችን መልሱ ይህ ነው እንበል። የሥራ መሪዎች ይካተታሉ። ቆጠራው በአገልግሎት ዓመት ነው። ድርጅቱ ቅዳሜ አይሠራም። ክፍልፋይ ወደ ላይ ወደሚቀጥለው ግማሽ ቀን ይጠጋጋል። መልስ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ነው። ስለ ማጠጋጋት አንድ ነገር ልጨምር፦ ወደ ታች አታጠጋጉ። ወደ ታች ያጠጋጋችሁ ቀን ከሕጉ ወለል በታች ያወርዳችኋል።

ሲበላሽ፦ ሥራ አስኪያጁ «እንደ ሁኔታው እናየዋለን» ካለ ጥያቄው አልተመለሰም። ሁለት አማራጭ አርቅቁና፣ በእያንዳንዱ አንድ ሠራተኛ ስንት ቀን እንደሚያገኝ በቁጥር አሳዩ። ሰው በሐሳብ ላይ ያመነታል፤ ቁጥር ፊት ለፊቱ ሲመጣ ይወስናል። አራተኛውን ጥያቄ ግን ለብቻችሁ አትወስኑ፤ ለሕግ ባለሙያ ላኩ።

## ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ትርጓሜዎቹን ጻፉ

ደንቡ ከመምጣቱ በፊት ቃላቱ ይታሰሩ። ብዙ አታድርጉት፤ ሦስት ይበቃሉ።

> 2.1 «ሠራተኛ» ማለት ከድርጅቱ ጋር የሥራ ውል ያለው ማንኛውም ሰው ነው። ውሉ የጊዜ ገደብ ቢኖረውም ባይኖረውም ለውጥ የለውም። የሥራ መሪም ይካተታል።
>
> 2.2 «የሥራ ቀን» ማለት ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለ ማንኛውም ቀን ነው። የሕዝብ በዓል የዋለበት ቀን የሥራ ቀን አይደለም።
>
> 2.3 «የአገልግሎት ዓመት» የሚጀምረው በተቀጠሩበት ቀን ነው፤ የሚያልቀው በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ቀን በፊት ባለው ቀን ነው። ቆጠራው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ነው። የሙከራ ጊዜ ይቆጠራል። ምሳሌ፦ የካቲት 10 የተቀጠረ ሰው የአገልግሎት ዓመቱ በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 9 ያልቃል።

አንድ ጊዜ «ሠራተኛ» ካላችሁ እስከ መጨረሻው «ሠራተኛ» በሉ። በድርሰት ውስጥ ቃል መለዋወጥ ያምራል። ፖሊሲ ውስጥ ግን አንድ ቦታ «ሠራተኛ»፣ ሌላ ቦታ «ተቀጣሪ»፣ ሌላ ቦታ «የድርጅቱ አባል» ካላችሁ፣ አንባቢው ሦስት ዓይነት ሰው እንዳለ ያስባል።

2.3 ላይ «ከዚያው ቀን በፊት ባለው ቀን» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 የተቀጠረ ሰው አለ እንበል። 2016 ጳጉሜ 6 የለውም። «በተቀጠረበት ቀን ዓመት ይሞላዋል» ብላችሁ ቢሆን ኖሮ እስከ 2019 ድረስ ቀኑ አይመጣም። በኛ አጻጻፍ ግን ዓመቱ ጳጉሜ 5 ያልቃል፤ ጳጉሜ 5 ደግሞ በየዓመቱ አለ።

## ደረጃ 6፦ ደንቡን ጻፉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ደንብ

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ በማን ፈቃድ፣ ከዚያ ልዩ ሁኔታ። «ሲሆን» የምትለውን ማያያዣ ተጠንቀቁ። ሁለት ደንብ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምታስገባው እሷ ናት።

> 3.1 ሠራተኛ የመጀመሪያውን የአገልግሎት ዓመት ሲጨርስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ያገኛል።
>
> 3.2 ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን የአገልግሎት ዓመት ሲጨርስ በሠንጠረዥ 1 ላይ የተጻፈውን ያህል የሥራ ቀን ያገኛል።
>
> 3.3 የመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ሳያልቅ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ፣ ለሠራበት ለእያንዳንዱ ወር የ16 የሥራ ቀን አንድ አሥራ ሁለተኛ በገንዘብ ይከፈለዋል።
>
> 3.4 በ3.3 መሠረት የተገኘው ቁጥር ክፍልፋይ ካለው ወደ ላይ ወደሚቀጥለው ግማሽ ቀን ይጠጋጋል።
>
> 3.5 ሠራተኛው የፈቃድ ቅጹን ለቅርብ አለቃው ይሰጣል። አለቃው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልሳል። ካልመለሰ፣ የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊ በሚቀጥሉት 2 የሥራ ቀናት ውስጥ ይወስናል።
>
> 3.6 አለቃው ፈቃዱን የሚያስተላልፈው ምክንያቱንና ፈቃዱ የሚወሰድበትን አዲስ ቀን በጽሑፍ በመስጠት ብቻ ነው። አዲሱ ቀን ፈቃዱ መወሰድ ከነበረበት ዓመት ቀጥሎ ካሉት ሁለት ዓመታት አያልፍም።

«ወር» ምን እንደሆነም ማሰር ያስፈልጋል። አዋጁ ለዓመት ፈቃድ አገልግሎት ስሌት 26 የሥራ ቀን አንድ ወር አድርጎ ይወስዳል። ሠራተኞቻችሁ በሳምንት አምስት ቀን የሚሠሩ ከሆነ በአንድ ወር 26 የሥራ ቀን ስለማይሞላላቸው፣ በቅጥር ውሉ ቀን ወር ቆጥሮ መስጠት ለእነሱ የተሻለ ነው። የመረጣችሁትን በአንድ መስመር ጻፉት።

## ደረጃ 7፦ ሠንጠረዥና ፎርሙላ ጨምሩ

በቃል የተጻፈ ስሌት ሁሉ ይጣላል። ቁጥሩን አስቀምጡላቸው።

| የተጠናቀቀ የአገልግሎት ዓመት | የሥራ ቀን |
|---|---|
| 1 ወይም 2 | 16 |
| 3 ወይም 4 | 17 |
| 5 ወይም 6 | 18 |
| 7 ወይም 8 | 19 |

እስከ 30 ዓመት ድረስ ቀጥሉት። «ወዘተ» አትበሉ። ከሥሩ ደግሞ «ጽሑፉና ሠንጠረዡ ቢለያዩ ሠንጠረዡ ይጸናል» በሉ፤ አለበለዚያ ሁለት ፖሊሲ ጻፋችሁ ማለት ነው።

የኤክሴል ፋይሉ ላይ፣ የተጠናቀቀው ዓመት በ`A2` ካለና አንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፦

```
=16+INT((A2-1)/2)
```

ማስጠንቀቂያ፦ የኢትዮጵያ ቀን እንደ ቀን አድርጋችሁ ኤክሴል ላይ አትጻፉ። ኤክሴል ጳጉሜን አያውቅም። `3/13/2016` ብላችሁ ጳጉሜ 3 ስትሉት እሱ ማርች 13 ሊያደርገው ይችላል፤ ወይም ተራ ጽሑፍ ያደርገውና ስሌቱ ይቆማል። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስገቡ።

## ደረጃ 8፦ በሰው ፈትኑት

ይህን ደረጃ የዘለለ ድርጅት ሙከራውን የሚያደርገው በእውነተኛ ሠራተኞቹ ላይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ረቂቁን ያልጻፉ ሦስት ሰዎች ፈልጉ፤ አንዱ ከፋይናንስ፣ አንዱ ከመስክ ወይም ከማሽን ክፍል፣ አንዱ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ። ለየብቻ አስቀምጧቸው። ማብራሪያ አትስጧቸው። እነዚህን ጥያቄዎች ስጧቸውና መልሳቸውን በቁጥር ይጻፉ፤ ያዩበትንም ንዑስ አንቀጽ ይጥቀሱ።

ሠራተኛ ሀ። የካቲት 10 ቀን 2014 ተቀጠረች። የካቲት 9 ቀን 2017 ላይ የምታገኘው ስንት ነው? ሦስት ዓመት ጨርሳለች፤ መልሱ 17። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 9ስ? አራት ዓመት፤ አሁንም 17። በአሮጌው አንቀጽ እዚህ ላይ 16 የሚል አይጠፋም ነበር።

ሠራተኛ ለ። የጊዜ ገደብ ያለው ውል፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017። ፈቃድ ሳይወስድ ወጣ። መልሱ የ16 የሥራ ቀን ክፍያ።

ሠራተኛ ሐ። ሰባት ወር ሠርታ ለቀቀች። 16 ለ12 ተካፍሎ በ7 ሲባዛ 9.33 ይመጣል። ወደ ላይ ተጠግቶ 9.5።

ሠራተኛ መ። አራት ዓመት ከሰባት ወር ሠርቶ ለቀቀ። የአራቱን ዓመት ፈቃድ ወስዶ ጨርሷል። ለሰባቱ ወርስ?

እዚህ ጋ ረቂቃችን ይወድቃል። 3.3 የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ስለ አምስተኛው ዓመት ሰባት ወር ዝም ብሏል። ፈታኞቹ አንዱ «ምንም»፣ ሌላው «9.5»፣ ሦስተኛው ደግሞ በ18 አስልቶ «10.5» ቢል አትደነቁ። ማስተካከያው ይህ ነው።

> 3.3 የአገልግሎት ዓመቱ ሳያልቅ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ፣ በዚያ ዓመት ለሠራበት ለእያንዳንዱ ወር፣ ዓመቱን ቢጨርስ ያገኝ ከነበረው ቀን አንድ አሥራ ሁለተኛ በገንዘብ ይከፈለዋል።

መ አምስተኛውን ዓመት ቢጨርስ 18 ያገኝ ነበር። 18 ለ12፣ በ7 ሲባዛ 10.5። አሁን መልሱ አንድ ነው።

ሲበላሽ፦ ሦስቱ ሰዎች ከተለያዩ ስህተቱ የነሱ አይደለም። «እንደዚህ ማለታችን ነው» ብላችሁ እንዳታስረዱ። ያስረዳችሁበትን ዓረፍተ ነገር ወስዳችሁ ፖሊሲው ውስጥ ጻፉትና፣ ሌላ ሰው አምጥታችሁ እንደገና ፈትኑ። ሦስቱም አንድ ቁጥር ጽፈው የተለያየ ንዑስ አንቀጽ ከጠቀሱም አትለፉት። የሆነ ቦታ አንድ ደንብ ሁለቴ ተጽፏል ማለት ነው፤ አንዱን ሰርዙ።

## ደረጃ 9፦ ለሐዘን ፈቃድ አንዴ ሞክሩት

ዘዴው ሌላ ፈቃድ ላይ እንደሚሠራ ለማየት «የቅርብ ቤተሰብ ሲሞት 3 ቀን ይሰጣል» የሚለውን ውሰዱ። እኛ አገር አጎትም አክስትም የቅርብ ቤተሰብ ነው፤ ያሳደገችን ጎረቤትም እንዲሁ። አዋጁ የትዳር ጓደኛን፣ ወላጅንና ተወላጅን፣ ሌላውን ዘመድ ደግሞ በሥጋም በጋብቻም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ይወስዳል፤ 3 የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር። «ሁለተኛ ደረጃ» ብላችሁ ፖሊሲ ላይ ከተዋችሁት ግን ለቅሶ ቤት ሆኖ ስልክ የሚደውለው ሠራተኛ ደረጃ ሊቆጥር አይችልም። የሕግ ባለሙያው ማን ማን እንደሚገባ ይወስን። እናንተ በስም ዘርዝሩ፦ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ባል፣ ሚስት እያላችሁ። ድርጅቱ አጎትና አክስትን ከራሱ ከጨመረ ያንንም በስም ጻፉ። ሦስቱ ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር፣ ከሞተበት ቀን ወይስ ሠራተኛው ከቀረበት ከመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ አትርሱ። ክፍለ ሀገር ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

## ደረጃ 10፦ አሮጌውን ከሥራ አውጡ

1. አዲሱ ፖሊሲ የሚጸናበትን ቀን ጻፉ። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ» አትበሉ፤ ማንም የወጣበትን ቀን አያስታውስም።
2. ከዚያ ቀን በፊት የተጠራቀመ ፈቃድ ምን እንደሚሆን በአንድ መስመር ወስኑ። ለምሳሌ፦ «ከሐምሌ 1 ቀን 2018 በፊት የተጠራቀመ ቀን እንዳለ ይቀጥላል፤ አይቀነስም።»
3. በቀድሞው ስሌት ከአዲሱ ሠንጠረዥ በላይ ያላቸውን ሰዎች ፈልጉ። በአዋጅ 377 ስምንት ዓመት የጨረሰ ሰው 14 እና 7፣ 21 ቀን ነበረው፤ በሠንጠረዡ 19 ነው። እነዚህ ሰዎች በዝምታ ሁለት ቀን እንዳይጎድልባቸው፣ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ውሳኔውን በግልጽ ጻፉ።
4. የተሻሩትን ሜሞዎች በቁጥርና በቀን ዘርዝሩ። «ከዚህ ጋር የሚቃረን ማንኛውም መመሪያ ተሽሯል» ብቻ ካላችሁ፣ የቱ ይቃረናል በሚለው ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ይነሳል።
5. ፎርሙላውንና የፈቃድ ቅጹን በዚያው ቀን ቀይሩ። ቅጹ ላይ «የሥራ ቀን» የሚል ሣጥን ይኑር፤ «ቀን» የሚለው ይውጣ።
6. ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሦስት ነገር ያለበት ወረቀት ስጡ፦ የተቀጠረበት ቀን፣ የጨረሰው የአገልግሎት ዓመት፣ ያለው የፈቃድ ቀን። ስህተት አለ የሚል ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያመለክት ጠይቁ። ዝም ያለ ሰው መብቱን ትቷል ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ ያ አይጸናም።

በነዚያ 10 ቀናት የሚመጡትን ማመልከቻዎች ፋይል አድርጓቸው። አብዛኛው የቅጥር ቀን ስህተት ነው፤ እሱን ከቅጥር ውሉ ጋር አመሳክራችሁ ታርማላችሁ። ሁለት ሰው በአንድ ንዑስ አንቀጽ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ካነሳ ግን ያንን ንዑስ አንቀጽ ይዛችሁ ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ።